የስኳር መርፌ

እማማ አስካለ መርፌውን ያገኙት ፍሪጅ ውስጥ ነው። ለፍልሰታ ፍቺ ብለው ከደብረ ብርሃን የያዙትን ቅቤ ሊያስቀምጡ ሲከፍቱ፣ ከእንቁላሉ ጀርባ አዩት።

«ህሊና፣ ስኳር አለብሽ እንዴ ልጄ?»

ህሊና ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። እውነቱን ከጀመረች የት ላይ እንደምታቆም አልታያትም።

«አዎ እማማ። ትንሽ ነው።»

እስኪመሽ ድረስ ዋሽንግተን ያለችው የባሏ የብሩክ እህት ሳትቀር ሰማች። በነጋታው እማማ አስካለ የሽፈራው ቅጠል ገዝተው መጡ። ህሊና ዞር ሲሉ ጠብቃ መታጠቢያው ውስጥ ትደፋዋለች፤ ሐኪሟ ያላዘዘላትን ምንም ነገር እንዳትወስድ ተነግሯታል። ስኳሩን ግን ከሻይዋ ላይ አነሱባት። አንድ ነገር ብቻ በጀ፦ በጾሙ ጠዋት ጠዋት ስትበላ «ስኳር ያለበት ሰው አይጾምም» ብለው ራሳቸው ይከራከሩላታል።

ፍሪጅ ውስጥ የነበረው መርፌ፣ ሐኪሞቹ እንቁላሏን ከማውጣታቸው በፊት ሆዷ ላይ ከምትወጋው የተረፈ ነው። ነሐሴ 5 የአምስት ቀን ፅንስ ማህፀኗ ውስጥ ተቀምጧል። የደም ምርመራው ነሐሴ 17 ነው። እስከዚያ መጠበቅ ብቻ ነው።

ሦስተኛ ሙከራቸው ነው። የመጀመሪያው ጊዜ ምርመራው ሳይደርስ የወር አበባዋ መጣ። በሁለተኛው «እርጉዝ ነሽ» ተባለች። ብሩክ መኪናው ውስጥ እልል አለ፤ ወንድ ልጅ እልል ሲል ሰምታ አታውቅም። ከ48 ሰዓት በኋላ ግን እጥፍ ሊሆን ይገባው የነበረው የእርግዝና ሆርሞኑ ቁጥር ወረደ። ለመጀመሪያው እቁባቸውን አወጡ፣ ለሁለተኛው መኪናዋን ሸጡ፣ ይሄኛው ከመሥሪያ ቤት የቁጠባና ብድር ማኅበር ነው።

ማታ ማታ ብሩክ በሩን ይቆልፍና የፕሮጄስትሮኑን ብልቃጥ ብብቱ ውስጥ ያሞቀዋል። ዘይት ስለሆነ ሲቀዘቅዝ ይወፍራል፣ ያማል።

«ትናንት የቱ ነበር?»

«ቀኙ። ቀስ በል፣ እናትህ አልተኙም።»

ቂጧ ጠጥሯል። ብሩክ ከወጋ በኋላ ቦታውን በመዳፉ ሲያሸው ሁሌም ይቅርታ ይላል። ለምን እንደሚል ሁለቱም ያውቃሉ፣ አያወሩትም። ሐኪሙ የዘር ፍሬው ቁጥር በጣም አነስተኛ ነው፣ አንዱን መርጠን እንቁላሉ ውስጥ እናስገባለን ካሉበት ቀን ጀምሮ ያወሩት አንዴ ብቻ ነው። «ለቤተሰብ እንዳትናገሪ» አላት። አልተናገረችም።

የፍቺው ዕለት ቤቱ ሞላ። ዶሮው ገና ሳይቀርብ ወሬው ቀደመ። «ለካ በስኳሩ ነው ያልወለደችው» ሲሉ ወጥ ቤት ድረስ ተሰማት። አንዷ አክስት ለአንዷ ነው፤ በሹክሹክታ ቢሆን ደግ ነበር።

አጎቱ ጋሽ ተፈራ ግን ፊት ለፊት ነው የመጡት። የመጀመሪያውን ጉርሻ ዋጡና ወደ ብሩክ ዞሩ።

«አንተ ልጅ፣ ዘር ቆሞ አይቀርም። ሚስትህን ፍታ አላልኩም። ውጪ የወለደ ሰው አንተ የመጀመሪያው አትሆንም። እናትህ እርጅና ላይ ናት።»

ህሊና እንጀራ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። እማማ አስካለን አየቻቸው። ዝም አሉ። ከጋሽ ተፈራ ንግግር ይልቅ እሱ ነው የቆረጣት።

«የኔ ነው» አለ ብሩክ።

«ምኑ?»

«ችግሩ። የኔ ዘር ነው የሚያንሰው። እሷ ምንም የለባትም። ስኳርም የለባትም።»

ጋሽ ተፈራ ከወጡ ላይ ቅልጥም መፈለግ ጀመሩ። አክስቶቹ ጸጥ አሉ።

«ታዲያ መርፌው የምንድነው?» አሉ እማማ አስካለ።

«የአይ ቪ ኤፍ ነው እማዬ። በሕክምና እየሞከርን ነው። ሦስተኛችን ነው።»

እማማ አስካለ ልጃቸውን ትክ ብለው አዩት።

«ችግሩ ያንተ ሆኖ የምትወጋው እሷ?»

«አዎ።»

«ይሄን ሁሉ ጊዜ ጠበል ለጠበል ሳንከራትታት አፍህን ዘግተህ?»

ብሩክ መልስ አልነበረውም። ህሊና እንጀራውን አስቀምጣ አጠገቡ ተቀመጠች። ስታዝንለት በዚያው ቅጽበት ተናደደችበትም፤ እስከዛሬ የት ነበርክ የሚል ነገር ጉሮሮዋ ላይ ደረሰ። በሰው ፊት ስለሆነ ዋጠችው። ማታ ትነግረዋለች።

«ውጤቱ መቼ ነው?» አሉ እማማ አስካለ።

«ነገ» አለች ህሊና።

«እኔም አብሬ እሄዳለሁ።»

«አይሆንም እማማ።»

ሁሉም ቀና አለ። እዚህ ቤት ለእማማ አስካለ አይሆንም ብሎ የሚያውቅ የለም።

«እንዲህም ሆነ እንዲያ መጀመሪያ ለብቻችን ነው የምንሰማው። ከዚያ እኛ እንደውላለን። የዋሽንግተኗም ትጠብቅ።»

እማማ አስካለ ነጠላቸውን አስተካከሉ፤ ኩርፊያ ይሁን ሌላ አልለየላትም።

«ደውዪ እንግዲህ። ካርድ ከሌለሽ እኔ እሞላልሻለሁ።»