የስቶር ሥራህን በተመለከተ

ሰላም ብሩክ፣

ማክሰኞ በቃል ያነሳነውን በጽሑፍም ላስቀምጠው ብዬ ነው።

በጥቅምት ከአራቱ የሳምንት ቆጠራ ሪፖርቶች ሦስቱ ዘግይተዋል። ከዚህ የባሰው ግን የቀለሙ ጉዳይ ነው። ቢን ካርዱ 64 ባልዲ ይላል፤ መደርደሪያው ላይ የተገኘው 51 ነው። ሽያጭ ክፍል ካርዱን አምኖ ለደንበኛ 60 ቃል ገባ። ደውዬ ይቅርታ የጠየቅኩት እኔ ነኝ። 13ቱ በወጪ ደረሰኝ ወጥተዋል፣ ካርዱ ላይ ግን አልተቀነሱም። ሰው ወሰደ እያልኩ አይደለም፤ ይሄ ግልጽ ይሁን። «ማታ እመዘግበዋለሁ» እየተባለ የሚረሳ ነገር ነው።

ከሰኞ ጀምሮ ዕቃ ሲወጣ ካርዱ እዚያው ይቀነስ። ሪፖርቱ ዓርብ እስከ 10 ሰዓት ይድረሰኝ። እስከ ኅዳር 30 በየሳምንቱ አሥር ዕቃ መርጠን አብረን እንቆጥራለን፤ አሥሩም ከካርዱ ጋር መግጠም አለባቸው። ካልተስተካከለ ጉዳዩ ወደ ሰው ሀብት ይሄዳል። እዚያ ባይደርስ ደስ ይለኛል።

ጭነት በሚራገፍበት ቀን ብቻህን እንደምትሯሯጥ አውቃለሁ። ይሄን ቀድሜ ማየት ነበረብኝ። ረቡዕና ሐሙስ አንድ ረዳት መድቤልሃለሁ። ኤክሴሉንም ሐሙስ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ አብረን እናየዋለን።

ያልተስማማህበት ነገር ካለ ጻፍልኝ፣ ወይም ቢሮ ብቅ በል።