የወንዞች ጥያቄ ለቅዳሜ ማታ፦ አስር ጥያቄ ከነመልሱ

ሁለት ቡድን ሁኑ፤ ስልክ ይቀመጥ። ከ1 እስከ 4 ያሉት ቀላል ናቸው፣ አንድ አንድ ነጥብ። ከ5 እስከ 8 ሁለት ሁለት። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ከበድ ስለሚሉ ሦስት ሦስት ይዘዋል። ድምሩ 18።

ጥያቄዎች

1. በሚያፈሰው ውሃ ብዛት ከዓለም አንደኛው ወንዝ የቱ ነው?

2. ነጭ ዓባይና ጥቁር ዓባይ የሚገናኙት የት ከተማ ላይ ነው?

3. ከአውሮፓ ወንዞች ረጅሙ የቱ ነው? ዳኑብ ለማለት አትቸኩሉ።

4. የቻይናውን ቢጫ ወንዝ ቢጫ ያደረገው ምንድን ነው?

5. ዳኑብ በአራት ዋና ከተሞች በኩል ያልፋል። ዘርዝሯቸው፤ ለእያንዳንዱ ግማሽ ነጥብ።

6. የምድር ወገብን ሁለት ጊዜ የሚያቋርጠው ትልቅ ወንዝ የቱ ነው?

7. ሚዙሪ የሚሲሲፒ ገባር ነው። ታዲያ ከሁለቱ የሚረዝመው ማን ነው?

8. ቲቤት ውስጥ ያርሉንግ ፃንግፖ ይባላል፤ ባንግላዴሽ ሲደርስ ደግሞ ጃሙና። መሃል ላይ፣ ህንድ ውስጥ ስሙ ማን ነው?

9. ካምቦዲያ ውስጥ በየዓመቱ አቅጣጫውን ቀይሮ ወደ ኋላ የሚፈስ ወንዝ አለ። ስሙ ማን ነው? ምንስ ያዞረዋል?

10. ኒጀር ሲነሳ ከአትላንቲክ የሚርቀው 240 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ግን ለውቅያኖሱ ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ሰሃራ ያቀናና በረሃው ጫፍ ደርሶ ይታጠፋል፣ 4,180 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞም እዚያው አትላንቲክ ይገባል። ከየት አገር ተነስቶ በየት አገር በኩል ይገባል?

መልሶች

1. አማዞን። ወንዞች ሁሉ ወደ ውቅያኖስ ከሚያስገቡት ውሃ አንድ አምስተኛ የሚሆነው የእሱ ነው።

2. ካርቱም።

3. ቮልጋ፣ 3,530 ኪሎ ሜትር ገደማ። የሚገባው ካስፒያን ባህር ነው።

4. ጠርጎ የሚያመጣው ደቃቅ ቢጫ አፈር።

5. ቪየና፣ ብራቲስላቫ፣ ቡዳፔስት፣ ቤልግሬድ። ብራቲስላቫን ብዙ ሰው ይረሳታል።

6. ኮንጎ። ገባሮቹ ከምድር ወገብ በሰሜንም በደቡብም ስላሉ አንደኛው ወገን ሲደርቅ ሌላው ይዘንብለታል፤ ለዚህ ነው ዓመቱን ሙሉ ውሃው ብዙም የማይዋዥቀው።

7. ሚዙሪ፣ በጥቂቱ። ገባሩ ዋናውን በለጠው ማለት ነው።

8. ብራህማፑትራ።

9. ቶንሌ ሳፕ። ለእኔ ከአስሩ ሁሉ የሚገርመኝ ይሄ ነው። በክረምት ሜኮንግ ሲሞላ ውሃው ቶንሌ ሳፕን ገፍቶ ሽቅብ ወደ ሐይቁ ይመልሰዋል፤ ሐይቁም ተለጥጦ የበጋውን ስፋት ብዙ እጥፍ ያክላል፣ ዳር ያለው ደን ውሃ ውስጥ ይገባል፣ ዓሣው እዚያ ዛፍ መሃል ይራባል። ዝናቡ ሲያቆም ሜኮንግ ይጎድላል፣ የተጠራቀመው ውሃም ተመልሶ ወደ ታች ይፈሳል። ስሙን ብቻ ለመለሰ አንድ፣ ምክንያቱን ለጨመረ ሦስት።

10. ከጊኒ ተነስቶ በናይጄሪያ በኩል ይገባል። አንዱን ብቻ ላወቀ አንድ ነጥብ ስጡት።

እኩል ከወጣችሁ መለያው ይህ ነው፦ ሜኮንግ ስንት አገር ያዳርሳል? ስድስት፤ ቻይና፣ ምያንማር፣ ላኦስ፣ ታይላንድ፣ ካምቦዲያ፣ ቬትናም።