ይድረስ ለመቅደስ፣ ደብረ ብርሃን

ታኅሣሥ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.
በርገን፣ ኖርዌይ

ይድረስ ለምወድሽ የልጅ ልጄ ለመቅደስ፤ ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። አክስትሽም ባሏም ልጆቹም ደህና ናቸው። ትንሹ ጥርስ አወጣ።

በእጄ የምጽፍልሽ በስልክ ስናወራ ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ግማሹ ወሬ መንገድ ላይ ስለሚቀር ነው። ደግሞ በ1971 በመሠረተ ትምህርት የቆጠርኋት ፊደል እንዳትጠፋብኝ ብዬ ነው። ጽሕፈቴ ቢንጋደድ ታገሺኝ። አክስትሽ ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ትልክልሻለች።

ባለፈው «እማምዬ፣ የጠዋቱን ክላስ ትቼዋለሁ፣ ውርጩ አይቻልም» ያልሽኝ ከጆሮዬ አልወጣም። የደብረ ብርሃንን የታኅሣሥ ጠዋት እኔ አጥቼው አይደለም። ዘርዓ ያዕቆብ ብርሃን ወረደበት ብሎ ከተማውን ቆረቆረ እንጂ ሙቀት ወረደበት ያለ የለም። ግን ያን ቀን ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ እዚህ የሰማሁት አንድ ተረት ትዝ አለኝ። እሱን ልንገርሽ።

ይህ በርገን የሚሉት ከተማ በሰባት ተራራ የተከበበ ነው። ተራራውን ግን ሁሌ አታዪውም፤ ደመናው ይውጠዋል። በዓመት ውስጥ ከ200 ቀን በላይ ይዘንባል። የኛ ክረምት መስከረም ሲጠባ ተሰናብቶ ይሄዳል፤ የዚህኛው መሰናበት የሚባል አያውቅም። አሁን ደግሞ ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ላይ ይጨልማል። እኔ መጀመሪያ ሰሞን መክሰስ ሳልቀምስ እራት ደረሰ እያልሁ እደናገር ነበር።

በመጣሁ በሦስተኛው ሳምንት ከአክስትሽ ጋር ትልቁን ልጅ ከመዋዕለ ሕፃናት ልናመጣ ሄድን። ዝናቡ በቀጥታ አይወርድም፣ በጎን ይገርፋል። ግቢው ስንደርስ ምን አየሁ? ልጆቹ በሙሉ ውጭ ናቸው። ጭቃ ውስጥ ተቀምጠው በትንንሽ አካፋ ይቆፍራሉ። የኛው ልጅ ኩሬ መሀል ቆሞ እየዘለለ ውሃውን ፊቱ ላይ ይረጫል። አስተማሪዋ አጠገባቸው ቆማ ቡና ትጠጣለች! «ኧረ በእመቤቴ፣ ልጁን ሳንባውን ልታስመታው ነው!» ብዬ ጮህሁ። አማርኛ ባታውቅም ገብቷታል። ሳቅ ብላ አንድ ነገር አለችኝ። አክስትሽን አስደግሜያት እንዲህ ጻፍሁት፦

«ዴ ፊነስ ኢከ ዶርሊ ቬር፣ ባረ ዶርሊየ ክሌር።»

«መጥፎ አየር የለም፣ መጥፎ ልብስ እንጂ» ማለት ነው። ቬር አየሩ ነው፣ ክሌር ልብሱ። ሰምተሻል? ቤት ይመታል። በአማርኛ ቤት እንዲመታ እኔም ሞከርሁ። «ልብስ ካልሳሳ፣ ብርድ አይነሳ» አልኋት ለአክስትሽ። ሳቀችብኝ። አንቺ የተሻለ ካገኘሽ ላኪልኝ።

እኔ ግን ያን ጊዜ ተናድጄ ነበር። ልጅ በዝናብ እያስደበደቡ ተረት መተረት ምን የሚሉት ነው? አስተማሪዋ ገባት መሰለኝ፣ እጄን ይዛ ልጁ ዘንድ ወሰደችኝ። የኔን ሁለት ጣት በአንገትጌው አድርጋ ማጅራቱ ላይ አስነካችኝ። ላዩ ጭቃ ብቻ ነው፤ አፍንጫው እንደ ቲማቲም ቀልቷል። ማጅራቱ ግን ከምድጃ ዳር እንደተኛ ድመት ይሞቃል። ደረቅ ነው። እነሱ ልጅ በርዶት እንደሆነ የሚያውቁት እንደዚህ ነው፤ እጁን አይነኩም፣ ማጅራቱን ነው።

ከዚያ ወደ ውስጥ ገባን። እያንዳንዱ ልጅ ስሙ የተጻፈበት መስቀያ አለው። ላስቲኩ ሱሪ ከነማንጠልጠያው፣ ቦቲው፣ ሁለት ጓንት፣ ቅያሪ ካልሲ። ልጁን ሳወልቀው ልብሱ እንደ ሽንኩርት አያልቅም። ከላስቲኩ ሥር ሹራብ፣ ከሹራቡ ሥር ገላው ላይ የተለጠፈ ስስ ነገር። በጣቴ አሸት አሸት አድርጌ ሳየው የበግ ጠጉር ነው! መቅዲ፣ እኔ መንዝ ውስጥ ስፈትለው ያደግሁት የበግ ጠጉር። ለዚሁ ነገር ደግሞ ሌላ አባባል አላቸው፤ «ኡል ኤር ጉል» ይላሉ፣ ጠጉር ወርቅ ነው እንደማለት።

አሁን እውነቱን ልንገርሽ፣ ተረቱን ሙሉ በሙሉ አልተቀበልሁትም። ሁለት ነገር ይደብቃል። አንደኛ፣ እነዚህ ሰዎች ከውጭ ሲገቡ ቤታቸው ይሞቃል። እኔ ታኅሣሥን በቀሚስ ብቻ እውላለሁ። አንቺ የተከራየሽው ክፍል ግን ከደጁ ቢብስ እንጂ አይሻልም። በዚያ ላይ ያ ሁሉ ልብስ ገንዘብ ነው፤ አክስትሽ የአንዱን ቱታ ዋጋ በብር አስልታ ስትነግረኝ ባልሰማሁ ብያለሁ።

ሁለተኛው የከፋ ነው። መጥፎ አየርማ አለ። አያትሽ ነፍሱን ይማረውና ገብሱ እሸት ላይ ሳለ ውርጭ ያደረበት ጠዋት ማሳው ዳር ቆሞ ሲያይ አጠገቡ ነበርሁ። ዛላውን ቀጥፎ በመዳፉ አሸው፤ ባዶ ነው። ምንም አልተናገረም። ለገብስ ካፖርት አይገዛለትም። በልግ ሲቀርስ ምን ይለበሳል? ሰባ ሰባትን ያየ ሰው ፊት ይህን ተረት መተረት ነውር ነው። ይህን ለአስተማሪዋ በአክስትሽ በኩል ነገርኋት። ዝም ብላ ሰማችኝና «ልክ ነሽ፣ ይህ የከተማ ሰው ተረት ነው» አለች። ከዚያ ወዲህ እንዋደዳለን።

ለገብሱ ባይሆንም ላንቺ ግን ይሆናል፤ አንቺ የከተማ ሰው ነሽ። በቪዲዮ ያየሁብሽ ያ አጭር ጃኬት ወገብሽን እንኳ አይሸፍንም። የጓደኛሽን ካፖርት እየተዋስሁ ነው ያልሽውንም አልወደድሁትም፤ የሰው ወርቅ አያደምቅ። አባትሽ ቤት በትልቁ ሳጥን ውስጥ የኔ ባና አለ። ጥቁሩ፣ ዳሩ ላይ ትንሽ ብል የነካው። ጠጉሩን ራሴ ነኝ የፈተልሁት። ባና ለባላገር ነው ብለሽ እንደምታፍሪበት አውቃለሁ። ክላስ ልበሽው አላልሁም፤ ሌሊት ከብርድ ልብሱ ሥር ገላሽ ላይ አድርጊው። ከላይ ከጣልሽው ክብደቱ ብቻ ነው የሚተርፍሽ። ጠዋት ደግሞ ከመነሳትሽ በፊት የምትለብሺውን ልብስ እዚያው ውስጥ አስገብተሽ አሙቂው። እኔ ልጅ ሆኜ እናቴ እንዲያ ታደርግልኝ ነበር።

አክስትሽ ከዚያ ከልጁ ዓይነት የጠጉር ውስጥ ልብስ ሁለት ገዝታልሻለች፣ ካልሲም አለው። ለገና ወደ አገር ቤት የሚገባ ሰው አግኝተናል። የጫማ ቁጥርሽን ዛሬውኑ ላኪልኝ፤ 37 ይሁን 38 ተከራክረን አልተግባባንም። ስታጥቢው በቀዝቃዛ ውሃ ይሁን፣ አትፈትጊው፣ ጨምቀሽም አትጠምዝዢው። የአክስትሽን ባል ሹራብ በፈላ ውሃ አጥቤለት አሁን ትንሹ ልጅ ነው የሚለብሰው። ሰውየው እስካሁን ምንም አላለኝም፤ ባየው ቁጥር ግን እኔ አቀረቅራለሁ።

አባትሽን ሳሚልኝ። ጎረቤቶቹን በሙሉ ሰላም በይልኝ።

የምትናፍቅሽ አያትሽ፣
እማምዬ