የሁዳዴ አስቤዛ፦ ለአምስት ሰው፣ ለአንድ ሳምንት

የኔ ልጅ፣ እህትሽ ከአራስ ቤት እስክትወጣ ድረስ እኔ እዚያው ነኝ። ቤቱ ለአንቺ ነው። አባትሽ፣ እማማ፣ ሁለቱ ወንድሞችሽና አንቺ፣ አምስት ናችሁ። መጠኑን ያወጣሁት ባለፈው ዓመት በሁዳዴ ከያዝኩት ደብተር ነው። በየቅዳሜው ይህን ይዘሽ ውጪ።

የጤፍ ዱቄት፦ 10 ኪሎ
የስንዴ ዱቄት፦ 2 ኪሎ
ሽሮ፦ 1 ኪሎ
ምስር ክክ፦ 1 ኪሎ
አተር ክክ፦ 3/4 ኪሎ
ድፍን ምስር፦ 1/4 ኪሎ
ሽምብራ፦ 1 ኪሎ
ባቄላ፦ 1/2 ኪሎ
ስንዴ፦ 1 ኪሎ
ገብስ ለቆሎ፦ 1 ኪሎ
በሶ፦ 1/2 ኪሎ
ሩዝ፦ 1 ኪሎ
ፓስታ፦ 1 ኪሎ
ኦቾሎኒ፦ 1/2 ኪሎ
ሱፍ፦ 1/2 ኪሎ
ተልባ፦ 1/4 ኪሎ
ዘይት፦ 1 ሊትር ተኩል

በጣሳ አትግዢ። የአንዱ ሻጭ ጣሳ ከሌላው ይለያል፣ ሒሳቡ ይበላሽብሻል። ሁሉንም በኪሎ አስመዝኚ።

ጤፉን ሁለት ጊዜ፣ አምስት አምስት ኪሎ አቡኪ። በእኛ ምጣድ ከአንድ ኪሎ አራት ተኩል ያህል እንጀራ ይወጣል፤ 10 ኪሎ 45 እንጀራ ነው። በቀን ስድስት ይበላል፣ የተረፈው ለፍርፍር ይሆናል። በአንድ ጊዜ ብትጋግሪው ግን መጨረሻው ይሻግታል።

ምስር ክኩ ለሦስት ድስት ነው፣ አተር ክኩ ለሁለት። ሽሮ በሳምንት አምስት ጊዜ ይሠራል፤ በአንድ ጊዜ 200 ግራም ይበቃል። ድፍን ምስሩ ለእሑድ አዚፋ ነው። ምስሩን ሳትለቅሚ እንዳትጥጂ፣ ጠጠር አያጣም።

ከሽምብራው ግማሹን ከስንዴውና ከባቄላው ጋር ለንፍሮ ያዢ። ማታ ዘፍዝፊው፣ ሽምብራ ሲያብጥ እጥፍ ይሆናልና ሰፊ ዕቃ ይሁን። ግማሹን ከገብሱ ጋር ቁዪው። አባትሽ ቆሎውን ሥራ ቦታ ይወስዳል፤ ከ9 ሰዓት በኋላ እዚያ የሚቀምሰው እሱን ብቻ ነው። እማማ ጥርሳቸው ቆሎ አይችልም፣ በሶው የእሳቸው ነው። ሌላ ሰው እንዳይነካው። ተልባውንም አምሺና በጥብጪላቸው፣ ሆዳቸውን ያለሰልስላቸዋል።

ልጆቹን አደራ። ትልቁ ዘንድሮ እስከ 6 ሰዓት እጾማለሁ ብሏል፣ ተዪው፤ ግን ሲፈታ በደንብ ይብላ። ትንሹ አይጾምም፣ ምሳው ይቋጠርለት። ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል ከቤት ሲወጣ የልጅ ጉልበት የሚቆመው በጥራጥሬው ላይ ነው። ፓስታ ባዶውን አትስጪው፣ ምስር ይኑርበት። ሩዙንም ከአተር ክክ ጋር አቅርቢለት። ጠዋት ዳቦው ላይ የተፈጨ ኦቾሎኒ ቀቢለት። ሱፍ ፍትፍት ሁለቱም ይወዳሉ፤ ረቡዕና ዓርብ አድርጊላቸው።

ዘይት ላይ ጠንቀቅ በዪ፣ ቶሎ የሚያልቀው እሱ ነው። በቡና ሲኒ ለኪ። 1 ሊትር ተኩል ወደ 20 ሲኒ ነው። ለምስርና ለአተር ክክ በድስት ሁለት ሁለት ሲኒ፣ ያ 10 ሆነ። ለሽሮ አንድ አንድ፣ 15። የቀረው አምስት ሲኒ ለጎመን፣ ለፓስታና ለአዚፋ። ሽንኩርቱን በደረቁ አቁላዪ፣ እንዳያር በጠብታ ውኃ እያልሽ፤ ዘይቱን ኋላ ጨምሪ። ወጡ አይጎድልበትም። ስትገዢ የሚረጋውን ተዪ፣ የሱፍ ዘይት ይሁን። በየሳምንቱ ከመመላለስ ባለ 5 ሊትሩን ጀሪካን ውሰጂ፤ ሦስት ሳምንት ያስኬድሻል፣ ትንሽም ይተርፋል።

ጾሙ 55 ቀን ነው፣ ስምንት ሳምንት ሊሞላ አንድ ቀን ሲቀረው። ዘይት በጠቅላላው 11 ሊትር ተኩል ይሆናል፦ ሁለት ጀሪካንና 1 ሊትር ተኩል። የመጨረሻው ሳምንት፣ ሕማማት፣ ይለያል። እማማ ያን ሳምንት ዘይት አይነኩም፣ አባትሽም እንደዚያው። ስለዚህ ዘይቱን ወደ 1 ሊትር ዝቅ አድርጊ። ምስር ክክም ግማሽ ኪሎ ይበቃል። በምትኩ ስንዴውን 2 ኪሎ አድርጊና ግማሽ ኪሎ የባቄላ ክክ ጨምሪ፤ የጸሎተ ሐሙስ ጉልባን ለጎረቤትም ይደርሳል።

የመጀመሪያው ሳምንት ላይ የተረፈና ያነሰ ካለ በዝርዝሩ ጎን ጻፊልኝ። እሑድ ማታ ስደውል እናስተካክለዋለን። ሽሮው ካነሰ ግን እስከዚያ አትጠብቂ። ጓዳ ባለው ትልቁ ቆርቆሮ ውስጥ እኔ ያስፈጨሁት 2 ኪሎ አለ፤ በርበሬ ስላለበት ለእማማ አልጫ ሽሮ ለብቻ ግዢ።