ለእንድሪስና ለሰዓዳ ሠርግ፦ የሚዜ ንግግር

አባቶች፣ እናቶች፣ ከደሴም ከኮምቦልቻም ከሐይቅም የመጣችሁ ዘመድ ወዳጆች፣ እንኳን ደስ ያላችሁ! ጓዳ ውስጥ ጭስ የምትበሉ እናቶቻችን፣ አበሽሩ! 3 ደቂቃ ብቻ ስጡኝ። ሽማግሌዎቹ «ልጅ፣ ወጡ ሳይቀዘቅዝ ጨርስ» ብለውኛል፤ ወጣቶቹ ደግሞ ከበሮውን ይዘው እየገላመጡኝ ነው።

ሰዓዳ፣ ሰው ዕቃ ሲረከብ አያያዙም አብሮ ይነገረዋል። እንድሪስ በስልክ «ደረስኩ፣ ደረስኩ» ካለሽ ገና ፒያሳ ነው። «መንገድ ላይ ነኝ» ካለሽ ጫማውን እያሰረ ነው። ስልኩን ጭራሽ ካላነሳ አትስጊ፣ ተኝቷል። ለ6 ሰዓት ምሳ ከፈለግሽው «5 ሰዓት» ብለሽ ቅጠሪው። ዛሬም በሰዓቱ የደረሰው ሚዜዎቹ በሙሉ ተማክረን ሰዓቱን አስቀድመን ስለነገርነው ነው። አሁን ገና መስማቱ ነው፤ ፊቱን እዩልኝ!

ሲቆጣ አይጮህም፣ ዝም ነው የሚለው። «ምን ሆነሃል?» ብትዪው «ምንም» ይልሻል። ደግመሽ ከጠየቅሽው ዝምታው ለነገ ያድራል። መድኃኒቱ ቡና ነው። አቦሉን አንገቱን ደፍቶ ይጠጣል። ቶናው ላይ የጤፍ ዋጋ እያነሳ ማማረር ከጀመረ ግማሹ ወጥቶለታል ማለት ነው። በረካው ላይ ራሱ «ጥፋቱ የኔ ነው» ይላል። ነገር የሚበላሸው በረካው ሳይደርስ ረከቦቱ ከተነሳ ነው። እናታችን፣ ዋሸሁ እንዴ?

አንድ ነገር ግን ያለ ቀልድ ልናገር። አባታችን ታመው ሆስፒታል በተኙ ጊዜ፣ ይህ ቀጠሮ የማያውቅ ልጅ 19 ሌሊት አልጋቸው ሥር ካርቶን አንጥፎ አድሯል። መድኃኒታቸው በየ6 ሰዓቱ ነበር፤ አንድም ጊዜ አላሳለፈባቸውም። ለማንም ትንፍሽ አላለም። ያየችው እዚያው ክፍል የተኙ አክስቷን የምታስታምም ልጅ ናት። ለአክስቷ በየማለዳው አንድ ፔርሙዝ አጥሚት ታመጣ ነበር። አንድ ቀን ፔርሙዙ ሁለት ሆነ።

ያቺ ልጅ ይቻትና አጠገቡ ተቀምጣለች። አባታችንም አልሐምዱሊላህ፣ ይኸው ፊት ለፊት ሆነው ይስቃሉ።

እንግዲህ ብርዝ የያዛችሁ፣ አምቦ የያዛችሁ፣ ውሃም የያዛችሁ፣ ብርጭቋችሁን አንሱ። በእስላሙም በክርስቲያኑም ማዕድ ያላችሁ አብራችሁ አሚን በሉልኝ።

ቤታችሁ እንግዳ አይታጣበት። አሚን!
ረከቦታችሁ ከበረካ በፊት አይነሳ። አሚን!
ጧሪ ልጅ ይስጣችሁ፤ ልቡን ከአባቱ፣ ሰዓት ማክበሩን ከእናቱ ይውረስ። አሚን!

ለእንድሪስና ለሰዓዳ! በሉ፣ ከበሮውን ምቱት!