ሌይ-አፕን ከእግር መጀመር፦ ለቅርጫት ኳስ ረዳት አሰልጣኞች የሦስት ቅዳሜ ዕቅድ

ከመጪው ቅዳሜ ጀምሮ ሦስት ሳምንት ሌይ-አፕ ብቻ ነው የምንሠራው። ልጆቹ 16 ናቸው፣ ዕድሜያቸው 11 እና 12። አብዛኞቹ ድሪብል ይችላሉ። ሪንግ ሥር ሲደርሱ ግን ቆም ይሉና በሁለት እግራቸው ዘለው ኳሱን ይወረውራሉ። ችግሩ እጃቸው ላይ ስላልሆነ ከእግር እንጀምራለን።

ከሁለቱ ሪንጎቻችን አንዱ ዝቅ ይላል። 2.60 ሜትር ላይ አድርጉት፤ ለዚህ ዕድሜ የሚመከረው ቁመት ነው። ሌላው 3.05 ላይ የተገጠመ ስለሆነ ሹት አይደረግበትም፣ ሥሩ የእግር ልምምድ ብቻ ይሠራበታል። ኳሱ 5 ቁጥር ይሁን። በ7 ቁጥር ኳስ የሚጀምር ልጅ ከባዱን ኳስ ለማድረስ ከወገቡ ይወረውራል፣ ያ ልማድ ደግሞ በኋላ አይለቅም።

አንድ ነገር አደራ እላችኋለሁ። ልጅን ወደሚቀጥለው ደረጃ የምታሳልፉት ኳሱ ስለገባ አይደለም። እግሩ ሳያስብ በትክክል ሲረግጥ ነው። ኳስ በተሳሳተ እግርም ይገባል፤ ያኔ ብታጨበጭቡ ስህተቱን አጸናችሁት ማለት ነው።

የመጀመሪያው ቅዳሜ፦ ያለ ኳስ፣ ከዚያ በቆመ ኳስ

ከሪንጉ በስተቀኝ፣ ከቦርዱ ሰያፍ አቅጣጫ፣ አንድ ሜትር ያህል ርቀው ይቁሙ። እግር ገጥሞ። ግራ እግር አንድ እርምጃ ይራመዳል፣ ይገፋል፣ ሰውነት ወደ ላይ ይነሳል። ቀኝ ጉልበትና ቀኝ እጅ አብረው ይወጣሉ። በአንድ ክር የታሰሩ አስመስላችሁ ንገሯቸው፤ እጅ ሲነሳ ጉልበትን ይስባል። ሲያርፉ በሁለት እግር፣ ጉልበት ታጥፎ። ማረፉን ችላ እንዳትሉት፣ አስፋልት ላይ ነን።

ይህ ሲገባቸው ሁለተኛውን እርምጃ ጨምሩ፦ ቀኝ፣ ግራ፣ ወደ ላይ። ጮክ ብለው ይቁጠሩት፣ «ቀኝ! ግራ! ላይ!»። መሬቱ ላይ በቾክ የእግር ምልክት ሳሉ። የቀኙን በሰማያዊ፣ የግራውን በነጭ። የመጀመሪያው እርምጃ ረዘም፣ ሁለተኛው አጠር ይበል። ምክንያቱን ለልጆቹም ንገሯቸው። አጭሩ እርምጃ ፍጥነቱን ይገታና ወደ ላይ ይቀይረዋል። ሁለቱም ረጅም ከሆኑ ልጁ ወደ ፊት ይበርና ከቦርዱ ሥር ያልፋል።

ከዚያ ኳስ። ድሪብል ገና የለም። አንዳችሁ ከሪንጉ ሁለት ሜትር ተኩል ያህል ርቃችሁ ቁሙ፣ ኳሱን በመዳፋችሁ ላይ በልጁ ወገብ ቁመት ያዙ። ልጁ በእርምጃ ይመጣል፣ ቀኝ እግሩ ሲያርፍ ኳሱን ከመዳፋችሁ በሁለት እጁ ይነጥቃል፣ በግራው ይረግጥና ይነሳል። እኔ ከሁሉም የምወደው ልምምድ ይሄ ነው። ልጁ ስለ ድሪብሉ ሳይጨነቅ ኳስና እግር የሚገናኙበትን ቅጽበት ይለምዳል። በችኮላ አትለፉት፤ የመጀመሪያው ቅዳሜ ግማሽ እዚህ ቢያልቅ ቅር አይበላችሁ።

ዓይን ቦርዱ ላይ ባለው ሳጥን ላይኛ ማዕዘን ላይ ነው፣ በልጁ በኩል ያለው ማዕዘን። ኳሱ እዚያ በለስላሳው ይነካል። ቦርዱን የሚደበድብ ልጅ ካለ ኃይሉን ቀንስ አትበሉት። ከፍ ብለህ ልቀቀው በሉት፣ ኃይሉ ራሱ ይቀንሳል።

ሁለተኛው ቅዳሜ፦ አንድ ድሪብል፣ ከዚያ ሩጫ

ልጁ ግራ እግሩን አስቀድሞ ይቆማል። በቀኝ እጁ አንድ ጊዜ ያነጥራል፣ ኳሱን ሲይዝ ቀኝ፣ ቀጥሎ ግራ፣ ላይ። ኳሱን ወደ ፊት ገፋ አድርጎ ማንጠር አለበት፤ እግሩ ሥር ካነጠረው እርምጃው ይጠብበታል። አንድ ድሪብል ከተስተካከለ ወደ ኋላ ሸሽታችሁ ሁለት፣ ከዚያ ሦስት አድርጉ። መጀመሪያ በእርምጃ፣ ቀጥሎ በሶምሶማ፣ በመጨረሻ ከሦስት ነጥብ መስመሩ በሩጫ። ፍጥነት ሲጨመር እግር የሚምታታበት ልጅ አንድ ደረጃ ይመለስ። ቅጣት እንዳይመስለው አብሮት የሚመለስ ጓደኛ ፈልጉለት።

«ተራምደሃል» ለማለት አትቸኩሉ። እየሮጠ ኳስ የሚይዝ ተጫዋች በያዘበት ቅጽበት መሬት ላይ ያለው እግር እንደ እርምጃ አይቆጠርም፤ ፊባ ይህን ከ2017 ጀምሮ በግልጽ አስቀምጦታል። ከዚያ በኋላ ሁለት እርምጃ አለው። ለልጆቹ ግን ሕጉን አትተንትኑባቸው። ቀኝ፣ ግራ ይበቃቸዋል።

በግራ በኩልም በዚሁ ቅዳሜ ጀምሩ፣ ከቾክ ምልክቱ ጀምሮ እንደ አዲስ፦ ግራ፣ ቀኝ፣ ላይ። በቀኝ ስለቻሉ በግራ የሚዘሉት ደረጃ የለም። ኳሱ ባይደርስ ግድ የለም።

ሦስተኛው ቅዳሜ፦ የማይነካ ተከላካይ

እዚህ ብዙ ልምምድ ይበላሻል። ተከላካይ የሆነው ልጅ ኳስ ሲያይ እጁ አያርፍም፣ መትቶ ያስጥላል፣ ያኛው ደንግጦ ወደ ድሮ አዘላለሉ ይመለሳል። ስለዚህ ተከላካይነትም ሥራ መሆኑን አስተምሩ። ሕጉ ሦስት ነው፦ ኳስ አይነካም፣ አይዘለልም፣ መንገድ አይዘጋም። ጎበዝ ተከላካይ ማለት ጓደኛው ሰው መኖሩን እያወቀ እንዲጨርስ የረዳ ነው። ይህን ስታዩ በስም አመስግኑ።

መጀመሪያ ተከላካዩ ከሪንጉ ፊት፣ እጁን ቀጥ አድርጎ ወደ ላይ ዘርግቶ ይቁም። አጥቂው በቀኝ በኩል አልፎት ይሂድ። ዓይኑ ከሳጥኑ ወደ ሰውየው ከሸሸ ታዩታላችሁ፤ ኳሱ ቦርዱን ሳይነካ ያልፋል።

ቀጥሎ ተከላካዩ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ፣ በሜዳው መሐል በኩል ይነሳና አብሮ ይሩጥ። የምንፈልገው ልጁ ፍጥነቱን እንዳይቀንስ ነው። ኮቴ ሲሰማ መዞር የሁሉም ልማድ ነው። ኳሱን ከተከላካዩ በራቀው በኩል ይያዝ፣ ትከሻው መሐል ይግባ። ከሆዱ ፊት ከግራ ወደ ቀኝ የሚያወዛውዘው ከሆነ አስቁሙት፤ በእውነተኛ ጨዋታ ኳሱ የሚነጠቀው እዚያ ላይ ነው።

በመጨረሻ ተከላካዩ ፊት ለፊት ቆሞ፣ አጥቂው ሦስት ሜትር ሲቀረው ወደ አንድ ጎን አንድ እርምጃ ይውሰድ። አጥቂው ባዶውን ጎን አይቶ በዚያ በኩል፣ በዚያ በኩል ባለው እጅ ይጨርስ። እስካሁን መንገዱ የታወቀ ነበር፣ አሁን ልጁ ራሱ ይመርጣል። እግሩ ያልጸና እዚህ ይጋለጣል፣ ስለዚህ ሁሉም ልጅ እዚህ ይድረስ ብላችሁ አትግፉ። ስድስት ወይም ሰባት ከደረሱ ደስ ይለኛል። የቀሩት ከኋላ በሚሮጠው ተከላካይ ይቀጥሉ።

ተከላካዩ እንዲዘል ወይም ኳስ እንዲመታ በእነዚህ ሦስት ቅዳሜዎች አልፈቅድም፣ ልጆቹ ቢለምኑም።

አንዳችሁ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ቀድማችሁ ሜዳውን ጥረጉ፤ ቦርዱ ሥር የሚጠራቀመው አሸዋ ያንሸራትታል። የምሰሶው ፍራሽ በደንብ መታሰሩንም እዩ። ከተሰለፉት ልጆች ማንም የሚሮጥን ልጅ መንገድ አያቋርጥ፤ ኳሱን ያነሳ በውጭ መስመሩ ዞሮ ይመለስ። ሰማያዊና ነጭ ቾኩን እኔ አመጣለሁ።