ለዶክተር ሰላማዊት የእንኳን ደስ አለሽ መልእክት

የተከበራችሁ አባላትና እንግዶች፣ እንደምን አመሻችሁ!

እህታችን ሰላማዊት፣ እንኳን ደስ አለሽ! እኛንም እንኳን ደስ አለን!

እዚህ ስዊድን የዶክትሬት ጽሑፍ የሚሞገተው በአደባባይ ነው። ከሌላ ተቋም የተጋበዘ ምሁር ፊት ለፊት ቆሞ ይጠይቃል፤ የፈለገ ሁሉ ገብቶ ያዳምጣል። እኛም ያን ቀን ኡፕሳላ ድረስ መጥተን አዳራሹን ሞላነው። እውነት ለመናገር ጥያቄው ሁሉ አልገባንም። አንቺ ስትመልሺ ግን የጠያቂውን ፊት እያየን ነበር፤ እሱ በደንብ ገብቶናል።

ያጠናሽው የስንዴ ዋግን ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. ቢጫ ዋግ የሀገራችንን የስንዴ ማሳ ክፉኛ እንደመታው ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። ዋግን የሚቋቋም ዘር ማግኘት ለአርሲና ለባሌ ገበሬ የዓመት ጉርሱ ጉዳይ ነው። ለዚህ ነው የአንቺ ድል የሁላችንም የሆነው።

በዚህ ሁሉ መሃል የማኅበሩን ሒሳብ መያዝ አላቋረጥሽም። ቅዳሜ ቅዳሜም ልጆቻችንን ፊደል ታስቆጥሪያለሽ። መቼ እንደምትተኚ እግዜር ይወቅ!

ባለቤትሽንም እናመሰግናለን። ሀገር ቤት ላሉት እናትሽ ደግሞ፦ እማማ፣ የልፋትዎን ዋጋ ስላዩ እንኳን ደስ አለዎት!

ከዛሬ ጀምሮ ዶክተር እንልሻለን። ከሒሳብ ያዥነቱ ግን አንለቅሽም። በይ ነይና ኬኩን ቁረሺልን። እልልታ!

የማኅበሩ ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ